«ተምሮ»፦ ሰሙ የት ያልቃል፣ ወርቁስ የት ይጀምራል?

የአራት ኪሎው፦ ትናንት ካፌ ቁጭ ብዬ ይቺን ሞከርኩ።

ያ ልጅ ቤቱን ጥሎ ስንት አገር ዞሮ፣
ዛሬ ተመለሰ ካባቱ ተምሮ።

ሰሙ ትምህርት ነው። ወርቁ ምሕረት፤ አባቱ ይቅር ብሎታል። ቅኔ ሆነች ወይስ አልሆነችም?

ቀለሟ፦ ሁለት ትርጉም ካለውማ ቅኔ ነው! «ዘንድሮ በጉ አይበላም» ብልህስ? ሲላላ በጉ ሳር እምቢ አለ። ሲጠብቅ ዋጋው አልቀመስ አለ።

ጋሽ መሪጌታ፦ የበግሽ ቅኔ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የምትሠራው፣ ልጄ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ሁለቱም ተደብቀው ይቀመጣሉ። አፍሽን ስትከፍቺ ግን አንዱን መምረጥ አለብሽ፤ ያኔ ሌላው ይሞታል። «ተምሮ» ግን ለተማሪውም ይቅር ለተባለውም ድምፁ አንድ ነው። የልጁ ኅብረ ቃል ጥሩ ነው። ችግሩ «ከ» ላይ ነው። ከአባት እውቀት ይቀሰማል፤ ምሕረት ግን «በአባቱ ተማረ» ነው የሚባለው። «ከ» ወርቁን ዘጋችው። ደግሞ አገር ዞሮ የመጣ ልጅ እንዴት ካባቱ ይማራል? ሰሙ ራሱ ቆሞ መሄድ አለበት።

የአራት ኪሎው፦ እሺ ጋሼ፣ እንዲህ ቢሆንስ?

ያ ልጅ ቤቱን ጥሎ ስንት አገር ዞሮ፣
ዛሬ ግን ተመልሶ ቤት ገባ ተምሮ።

ጋሽ መሪጌታ፦ አሁን ገባ። የሰማ ሰው መጀመሪያ «ዲግሪ ይዞ መጣ» ይላል። ከዚያ «ቤቱን ጥሎ» የምትለዋ ትቆረቁረዋለች፤ ጥሎ የሄደ ልጅ በደል አለበትና። ወደ ወርቁ የምታስገባው በር እሷ ናት።

የፒያሳ ልጅ፦ ወርቅ ሲባል ስለ ግራም ዋጋ መስሎኝ ገባሁ 😅 አባቴ ወርቅ ሠሪ ነበር። ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ ባዶው ውስጥ ይፈስሳል። የሰሙ ቅርጽ ግን ተመልሶ አይገኝም። የእናንተ ሰም ወርቁ ከተገኘም በኋላ አለ፤ እና ምሳሌው ልክ ነው?

ቀለሟ፦ ኧረ ልክ ነህ! ምሕረቱ ከገባን በኋላም ዲግሪው አልጠፋም።

ጋሽ መሪጌታ፦ ጥሩ ጥያቄ። እኔ ግን ሌላ ልጨምር። የቅኔ ቤት ሰው እንዲህ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም የያዘችዋን «ኅብር» ነው የሚላት። በግእዙ ቅኔ ሰምና ወርቅ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰሙም ወርቁም በስማቸው ይጠራሉ፤ ምሳሌው ከሚመሰለው ጋር ተናቦ ይቀመጣል። አንዱ ቃል ውስጥ መደበቅ ግዴታ አይደለም።

የአራት ኪሎው፦ ታዲያ በአማርኛ ሁሉንም ሰምና ወርቅ ስንል ተሳስተናል ማለት ነው?

ጋሽ መሪጌታ፦ የኔታ ቢሰሙ ይቆጡ ነበር። እኔ ግን ለአማርኛው አልከራከርም።

ቀለሟ፦ እኔ እከራከራለሁ። በጉም ይቆጠርልኝ።