የማሰላሰያ ጽሑፌ ከታሪክነት አላልፍ አለኝ፤ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ስለገጠመኝ ጉዳይ 1,000 ቃላት ጽፌ ነበር፤ መምህሬ «የሆነውን ነግረሽኛል፤ የተማርሽበትን ግን አላየሁም» ብላ መለሰችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አባት በማግስቱ ጠዋት ትንፋሻቸው በደቂቃ 26፣ የልብ ምታቸው 118 ነበር። ቅጹ ላይ ሞልቼ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተረኛዋ ነርስ ቅጹን አይታ በፍጥነት ሐኪም ጠራች። ያቺ አንድ ሰዓት ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣችም።

የምጽፈው በጊብስ ዑደት ነው፤ ከስድስቱ ደረጃዎች መግለጫው ብቻ 700 ቃላት ወሰደብኝ። አሁን «ደነገጥኩ፤ ወደፊት እጠነቀቃለሁ» የሚለውን ሰርዤ እንዲህ አልኩ፦ «የአዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 መሆኑን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ያን ጠዋት ግን የቀሩኝን አልጋዎች ለመጨረስ ስቸኩል መለካትን እንደ ቅጽ መሙላት ቆጠርኩት። ተማሪ በመሆኔም ማሳወቅ የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም።»

ይህ ትንተና ይባላል ወይስ ሰበብ መደርደር ነው? በተለይ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከማስረጃ ጋር እንዴት ላያይዛት? መግለጫውን ወደ 200 ቃላት ሳወርደውስ የትኛውን ዝርዝር ልተው? የማስረክበው ሰኞ ነው።