ለመገለጫ ሥዕል የትኛው ይሻላል፦ አኒሜ፣ ቺቢ ወይስ የምዕራባውያን ካርቱን?

ጠያቂው፦ ከፎቶግራፌ ተነሥቶ የመገለጫ ሥዕል እንዲሠራልኝ ላዝዝ ነው። ሰፋ ያለ አፍንጫ፣ አጭር ጢምና ክብ መነጽር አለኝ፤ ጸጉሬም አጭር ነው። ባለፈው የጃፓን ካርቱን ስልት በሆነው በአኒሜ ያሠራሁትን ታናሽ እኅቴ አይታ «ይህ ልጅ ማን ነው?» አለችኝ። መልኬን የሚያቆይልኝ የትኛው ነው?

አንድ መላሽ፦ ጥፋቱ የዓይኑ ትልቅነት ነው። ዓይኑን አሳንሰው እንዲሥሉት ቢነግሯቸው ይበቃል። ቺቢም ያው አኒሜ ነው፤ የሚለየው በቁመቱ ማጠር ብቻ ነው።

ሠዓሊዋ፦ ስለ ዓይኑ የተባለው እውነት ቢሆንም ግማሹን ብቻ ይነካል። አኒሜ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫን ወደ ትንሽ መስመር ወይም ወደ ጥላ ነጥብ ስለሚያሳንሰውና አገጭን ስለሚያሾለው፣ ሰውየውን የማሳወቁ ሥራ በጸጉሩ ላይ ይወድቃል፤ የእርስዎ ጸጉር ደግሞ አጭር ስለሆነ እኅትዎ የምትይዘው ምልክት አላገኘችም። ቺቢን በተመለከተ፣ የአዋቂ ሰው ቁመት በጭንቅላቱ ርዝመት ሲለካ ሰባት ራስ ያህል ሲሆን የቺቢ ግን ሁለት ወይም ሦስት ራስ ነው። ዓይኖቹ ከፊቱ መካከል ዝቅ ይላሉ፣ ጉንጩ ይሞላል፣ አፍንጫው ብዙ ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል። ይህ የሕፃን ፊት ልክ ስለሆነ ጢምዎ በልጅ አገጭ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

አንዲት እናት፦ እኔስ የስድስት ዓመት ልጄን በቺቢ አሠርቼ ቁርጥ እርሷን ሆና ነበር የወጣችው።

ሠዓሊዋ፦ የልጅ ፊት ከመነሻው ለዚያ ልክ ስለሚቀርብ ነው፣ እመቤቴ። ለጠያቂው የምመክረው የምዕራባውያኑን ካርቱን ነው፤ ጎልቶ የሚታየውን መርጦ የበለጠ ስለሚያጎላው አፍንጫዎና መነጽርዎ ይተርፋሉ። ሆኖም ማጉላቱ ከልኩ ካለፈ ማላገጥ ይሆናልና በቅድሚያ የእርሳስ ንድፉን እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ንድፉን ስልክዎ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሰው ለእኅትዎ ያሳዩ። ሙሉ ቁመት ያለው ሥዕል ግን አይዘዙ፤ ቁመቱ ሁለት ራስ ብቻ የሆነ ቺቢ እንኳ 40 ፒክሰል በሆነች ክብ ውስጥ ሲገባ ለጭንቅላቱ የሚደርሰው 20 ፒክሰል ብቻ ስለሆነ መነጽሩ አንድ ጥቁር ጭረት ይሆናል።

ሌላ መላሽ፦ አፍንጫዬን አግንኖ እንዲያሳየኝ የምከፍለው ለምንድን ነው? የመገለጫ ሥዕል መታወቂያ ወረቀት አይደለም። እኔ አኒሜዬን ወድጄዋለሁ፤ የማያውቀኝም ስሜን ያንብብ።

ጠያቂው፦ በካርቱን ስልት ሁለት ንድፍ አዘዝሁ፤ አንዱ አፍንጫዬን እንዳለ የሚተው፣ ሌላው የሚያጎላ። እኅቴ ሁለተኛውን ገና ሳላሳንሰው ለየችው፤ እናቴ ግን እርሱኑ አይታ ተቆጥታለች።