ጥቆማ፦ እሳት የምትተፋ ግራይንደር፣ ካርቦኗን ከየት ልግዛላት?

በር ሠሪው፣ ገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሿ ግራይንደሬ ማኪታ ጂኤ4530 ናት። ሰሞኑን ከኋላ ባለው የአየር ቀዳዳ እሳት እያየሁባት ነው። ባዶዋን ስትዞር ደህና ነች። ብረት ላይ ሳሳርፋት ግን ድምጿ ይወርዳል። አንዳንዴም ጭራሽ ትቆማለች፤ ጀርባዋን መታ መታ ሳደርጋት ትነሳለች። ካርቦን ጨርሳለች ብዬ ገምቻለሁ። ሰፈር ያለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ምንም ያልተጻፈበት በላስቲክ የታሸገ ጥንድ አሳየኝ። መርካቶ ደግሞ የማኪታ ካርቶን ያለው አለ፣ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። አንድ ሞተር ጠምጣሚ ደግሞ ሳይከፍታት «ካርቦን ብቻ አይበቃትም፣ መጠምጠም አለባት» አለኝ። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ሶማሌ ተራ ነኝ

ወንድሜ ምን አስጨነቀህ፣ ካርቦን ካርቦን ነው። እኛ ጋ የመኪና ሞተሪኖ ካርቦን ሞልቷል። ወፈር ያለውን ትገዛና በብርጭቆ ወረቀት እያሸህ ታስገባዋለህ። እኔ የጎረቤቴን ድሪል እንደዚያ ሠርቼለታለሁ፤ ያኔውኑ ተነሳች።

ጠምጣሚው

ማሸት ይቻላል፣ እሱ ልክ ነው። ቁመቱ ወይም ውፍረቱ ትንሽ ካለፈ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተህ ቀጥ አድርገህ ታሸዋለህ። ቤቱ ውስጥ ሳይጠብቅም ሳይወዛወዝም መመላለስ አለበት። የሞተሪኖውን ግን ተወው። የሞተሪኖ ካርቦን መዳብ የበዛበት ነው፣ ስታየውም ቀላ ይላል። የተሠራው ለ12 ቮልትና ለብዙ አምፒር ነው፤ ሞተሪኖ ደግሞ የሚዞረው ለጥቂት ሰከንድ ነው። 220 ቮልት በሚሠራና በደቂቃ ከ10 ሺህ በላይ በሚዞር ግራይንደር ላይ ስታስገባው እሳቱ ይብሳል፣ አርማቸሩ ላይ ያለውን መዳብም ይበላዋል። የጎረቤትህ ድሪል ተነሳች፣ እሺ። ከወር በኋላስ አየሃት?

በር ሠሪው ወንድሜ፣ አንተ መጀመሪያ ሱቅ አትሂድ። ከሶኬት ንቀልና ሁለቱንም ካርቦኖች አውጣቸው። አንዳንዱ ማሽን በጎንና በጎኑ በካቻቢቴ የሚፈታ ክዳን አለው፣ አንዳንዱ የኋላ ቆቡ ይወልቃል። ከማውጣትህ በፊት ካርቦኑ በየትኛው ጎኑ እንደገባና ሽቦው በየት እንደሚያልፍ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ካርቦኑ ላይ የማለቂያ መስመር ካለውና እሱ ጋ ከደረሰ አልቋል። መስመር ከሌለው 5 ሚሊ ገደማ ሲቀረው ቀይረው። ከዚያ በካርቦኑ ቀዳዳ በባትሪ መብራት እያበራህ መዳቡን በእጅህ እያዞርክ እየው። ቡናማ ሆኖ ወጥ ከሆነ ጤነኛ ነው። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ጥቁር ብሎ የተቃጠለ ከሆነ ወይም በጣትህ ጥፍር ስትነካው ጉድጓድ ከያዘ፣ ያኔ ነገሩ ከካርቦን አልፏል። ሳይከፍት «መጠምጠም አለባት» ያለህ ሰው ምን አይቶ እንዳለ እኔም አልገባኝም።

አናጺዋ፣ ሐዋሳ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ድሪሌ ጉልበት አጥቷል፣ እንጨት ላይ ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ ነው። የካርቦን ክዳኑን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። የት ጋ ነው ያለው?

ጠምጣሚው

እህቴ፣ ብልጭታ አለው? ገላው ላይስ «ብራሽለስ» የሚል ተጽፎበታል?

አናጺዋ፣ ሐዋሳ

አዎ ተጽፎበታል። ብልጭታ የለውም።

ጠምጣሚው

እንግዲያው ካርቦን የሚባል ነገር የለውም። ባትሪውን ነው የምጠረጥረው። የሰው ባትሪ ተውሰሽ ሞክሪው።

ዴራ ያለው

ከዱባይ ሰላምታ። እኔ የማየው የመግዛቱን ነገር ነው። እዚህ ዴራ ያሉ የመሣሪያ ሱቆች «ማኪታ ግራይንደር» ብትላቸው አይሰሙህም፤ የሞዴል ቁጥር ይጠይቁሃል። ጂኤ4530 የሚወስደው ሲቢ-325 ነው። ቁጥሩ ካርቦኑ ላይ ራሱ ተቀርጾበታል። የሚመጣልህ ሰው ካለ አሮጌውን ፎቶ አንስተህ ላክለት። መርካቶም ቢሆን ቁጥሩን ንገራቸው እንጂ ካርቶኑን አትመን፤ ፎርጅዱም ካርቶን አለው።

ጠምጣሚው

ልክ ነው። ሲቢ-325 አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ኦሪጅናሉ ውስጡ በሞላ የምትገፋ ትንሽ ፒን አለችው። ካርቦኑ ሲያልቅ ፒኗ ብቅ ብላ ከመዳቡ ታለያየዋለች፤ ማሽኑ በራሱ ይቆማል። ርካሹ ላይ ይህች ነገር ብዙ ጊዜ የለችም። ስለዚህ ካርቦኑ ካለቀ በኋላም ሠራተኛው ይሠራበታል፤ በመጨረሻ ሞላው ወይም ሽቦው መዳቡን ይፍቀዋል። እኔ ጋ ከሚመጡት አርማቸሮች የተፋቁት ብዙዎቹ እንደዚያ የሄዱ ናቸው። ርካሹን አትግዛ አልልም። ከገዛኸው ግን ቶሎ ቶሎ ክፈትና እየው። ቀን ሙሉ ብረት የምትቆርጥ ከሆነ ኦሪጅናሉ ይሻልሃል።

በር ሠሪው፣ ገርጂ

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ከፈትኳት። አንደኛው ካርቦን 8 ሚሊ ያህል ቀርቶታል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል። ሌላኛው 4 ሚሊ ብቻ ነው፤ ጫፉ ተሸርፏል፣ ከቤቱም በፒንሳ ነው የወጣው። ቤቱ ውስጥ ጥቁር አቧራ ተጠቅጥቋል። ሞላውን በጣቴ ስነካው ደህና ይገፋል። መዳቡ በአብዛኛው ቡናማ ነው። ግን ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቁራጮች ከሌሎቹ ጠቆር ይላሉ።

ጠምጣሚው

አንደኛው ብቻ ቶሎ ያለቀው ቤቱ ስለደፈነበት ይመስለኛል። ሲጣበቅ ሞላው ሊገፋው አልቻለም፣ ከመዳቡ ራቀ፣ እሳቱም ከዚያ መጣ። መታ ስታደርጋት የምትነሳውም ለዚሁ ነው። ቤቱን በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፤ ኮምፕሬሰር ካለህ አፍህን ሸፍነህ ንፋው። መዳቡን በ400 ወይም በ600 ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ እያዞርክ አጽዳው። የብረት ማሻውን ጥቁር ሸራ አትጠቀም፤ ብናኙ በመዳቦቹ መሀል ይቀራል። ሁለቱንም ካርቦን ባንዴ ቀይር፣ ያኛው 8 ሚሊ አለው ብለህ አትሰስት። ገጥመህ ስትጨርስ ዲስኩን አውጥተህ 10 ደቂቃ ያህል ባዶዋን አዙራት። አዲስ ካርቦን ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፣ መዳቡ ክብ ነው፤ እስኪገጣጠሙ ትንሽ ብልጭታ ይኖራል። ከዚያ በኋላ መቀነስ አለበት። እሳቱ መዳቡን ዙሪያውን እየከበበ ከቀጠለ ወዲያው አጥፋት።

የሁለቱ ጥቁር ቁራጮች ነገር ግን አሳስቦኛል። ቴስተር ካለህ ጎን ለጎን ያሉትን ቁራጮች ሁለት ሁለቱን እየለካህ ዙር። ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። እነዚያ ጋ ቁጥሩ ከዘለለ ሽቦው ተበጥሷል።

ሶማሌ ተራ ነኝ

ጋሼ፣ ያኔ አርማቸሩን ያስጠምጥመዋ። እዚያው እርስዎ ጋ።

ጠምጣሚው

የዚህችን ትንሿን አልመክርም፤ ጠምጣሚ ሆኜ ይህን ስል የራሴን እንጀራ እያበላሸሁ ነው መሰለኝ። ሽቦዋ ቀጭን ነው፣ ሚዛኗ ትንሽ ከተዛነፈ ኩሽኔቷን ይዛ ትሄዳለች። ዝግጁ አርማቸር ይግዛ።

ዴራ ያለው

ፎርጅድ አርማቸር ከጥሩ ጠምጣሚ ይሻላል እንዴ? እኔ አልስማማም።

በር ሠሪው፣ ገርጂ

ቴስተር ነገ ከኤሌክትሪሻኑ ልዋስ ነው። ሲቢ-325ቱን ግን ዛሬ መርካቶ ሄጄ አምጥቻለሁ፤ ቁጥሩ ተቀርጾበታል፣ ፒኗም አለች። ምናለሽ ተራ በኩል ያገለገለ አርማቸር የሚሸጥ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ፤ ከለካሁ በኋላ ነው የምወስነው።