በመስኖ የዘራሁት በቆሎ ግማሹ አልወጣም፤ ብርዱ ይሆን? (አዳማ)

ጠያቂ፦ አዲስ አምራች
ሰላም ለሁላችሁ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መልካሳ-2 በቆሎ በመስኖ ዘርቼ ዛሬ 12 ቀኑ ነው። የታችኛው ማሳ ደህና ወጥቷል። ቦዩ አጠገብ ያለው ላይኛው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው ብቅ ያለው። ዘሩም የተዘራበት ቀንም አንድ ነው። ስልኬ ሌሊት 9 ዲግሪ ይለኛል። ገልብጬ ልዝራ ወይስ ልጠብቅ? ጎን ላለችው ቁራሽ መሬት ጤፍም አስቤያለሁ።

የወንጂው
በቆሎ ከ10 ዲግሪ በታች አይንቀሳቀስም። 9 ከሆነ ዘሩ አልቆለታል። ገልብጠው፣ የካቲት ላይ በአዲስ ዘር ጀምር።

ከሐዋሳ
እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የአይጥ ነበር። ቆፍሮ ፍሬውን ያወጣና ትንሽ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ፈሩን ዞር ዞር ብለህ እየው፤ ጉድጓድ ካለ የሙቀት ነገር አይደለም።

የሰብል ባለሙያ
ወንድሜ፣ አትገልብጥ፤ መጀመሪያ ቆፍረህ እይ። 10 ዲግሪ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ስልክህ የሚነግርህ የአየሩን ነው። ዘሩ ያለው አምስት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች ነው፤ አፈር ደግሞ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፣ ስለዚህ እንደ አየሩ ቶሎ አይወርድም። ቴርሞሜትር ፈልግ። መስታወት ከሆነ እንዳይሰበር መጀመሪያ በሽቦ ቀዳዳ አብጅለትና በዘሩ ጥልቀት አስገባው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ንባቡን ያዝ፤ የላይኛውንም የታችኛውንም ማሳ።
ከላይኛው ፈር ጥቂት ፍሬ አውጣ። አብጦ ጠንካራ ከሆነና ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ እየጠበቀ ነው። ስትጫነው ከለሰለሰና ከሸተተ በስብሷል። ቡቃያው ከመሬት በታች እንደ ሞላ ከተጠማዘዘ ወይ ብርድ አሰቃይቶታል ወይ የአፈሩ ቅርፊት ዘግቶበታል።

ጠያቂ፦ አዲስ አምራች
ጉድጓድ የለም። ለካሁ፦ ታች ጠዋት 14፣ ከሰዓት 24። ላይ ጠዋት 11፣ ከሰዓት 19። ካወጣኋቸው ፍሬዎች አብዛኞቹ አብጠው ጠንካራ ናቸው፣ ነጭ ሥርም አላቸው። የተወሰኑት ግን ሸተዋል። ላይኛው ክፍል ውሃው ስለሚደርሰው ቶሎ ቶሎ ይረጥባል።

የሰብል ባለሙያ
እንግዲህ እንቁጠረው። የታችኛው የቀን አማካይ 19 ነው። በቆሎ 10 ላይ ስለሚጀምር በቀን 9 ዲግሪ ይሰበስባል፤ ለመውጣት በግምት 65 ያስፈልገዋል፣ ማለትም ሰባት ቀን ገደማ። የላይኛው አማካይ 15 ነው፤ በቀን 5 ብቻ ይሰበስባል፣ ወደ 13 ቀን ይወስዳል። ያንተ ደግሞ 12ኛው ላይ ነው። ስለዚህ የቀሩት በጤናቸው እየመጡ ነው።
ልዩነቱን ያመጣው ውሃው ነው። የረጠበ አፈር ለመሞቅ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ከላዩ የሚተነው ውሃም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ዘሩ የመጀመሪያውን ውሃ ሲጠጣ አፈሩ በጣም ከቀዘቀዘም የውስጡ ሽፋን ይጎዳል፤ የሸተቱት በዚህ ወይም በውሃ ብዛት ሊሆኑ ይችላሉ፣ በዓይን መለየት አይቻልም። ላይኛውን ውሃ አቁምለትና አንድ ሳምንት ጠብቅ። ከዚያ ቀዳዳ ቦታ ከቀረ ቶሎ ሙላው፤ ዘግይቶ የሚተከል በቆሎ በጎረቤቱ ጥላ ሥር ይቀራል። በሚቀጥለው ደግሞ አስቀድመህ አጠጣው፣ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ዝራ።

የወንጂው
የአፈሩ ይለያል የሚለውን ተቀብያለሁ። ግን ጤፉን አሁን ይዝራው፤ ጤፍ ደጋም ይበቅላል፣ ብርድ አይፈራም።

የሰብል ባለሙያ
ደጋ ላይም የሚዘራው ክረምት ነው፤ ያኔ ደመናው ሌሊቱን ብዙ እንዲቀዘቅዝ አይፈቅድም። ጤፍም እንደ በቆሎ ሙቀት ወዳድ ሣር ነው። ችግሩ ደግሞ ጥልቀቱ ላይ ነው፦ ላይ ላዩን፣ ከአንድ ሳንቲሜትር ባልበለጠ አፈር ውስጥ ስለሚቀመጥ ሌሊት የአየሩን ብርድ ይቀበላል፣ ቀን ላይ ደግሞ ይደርቃል። በቦይ ብታጠጣው ውሃው ዘሩን ጠርጎ ዳር ላይ ይቆልለዋል። እኔ ብሆን የጠዋቱ አፈር 15 እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ከሐዋሳ
በርጭት ቢያጠጣውስ? ጎረቤቴ ምርት ሰብስቦበታል፣ የዘራው ጥር ላይ ቢሆንም።

የሰብል ባለሙያ
በርጭት ከሆነ ዘሩ አይጠረግም። የሌሊቱ ብርድ ግን ያው ነው፤ ጎረቤትህ የዘራበት ቀን የጠዋቱ አፈር ስንት እንደነበር ብትጠይቀው ደስ ይለኛል።