ሁለት ዘበኞች፣ ሁለት በሮች፦ በአንድ ጥያቄ እንዴት ይወጣል?

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣው እንቆቅልሽ ነው። አንዱ በር ያስወጣል፣ ሌላው ገደል ይከታል። ከሁለቱ ዘበኞች አንዱ ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይዋሻል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ለአንዳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ይፈቀዳል። መልሱ «ጓደኛህ ምን ይለኛል?» ነው አሉት፤ ለምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አልገባንም።

ደረጀ፦
ቀላል ነው። «ሁለትና ሁለት አራት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ውሸታሙ ወዲያው ይታወቃል።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ውሸታሙንስ አወቅሁት እንበል፤ በሩን በምን ልጠይቅ? ጥያቄዬ እኮ አለቀ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነዎት እህቴ። የሚያስወጣው የግራው በር ነው እንበል። «ጓደኛህን የሚያስወጣው የትኛው ነው ብለው፣ የትኛውን ያሳየኛል?» ይበሉ። የጠየቁት እውነተኛውን ከሆነ፣ ውሸታሙ ቀኙን እንደሚያሳይ ያውቃልና እንዳለ «ቀኙን» ይልዎታል። የጠየቁት ውሸታሙን ከሆነ፣ እውነተኛው ግራውን እንደሚያሳይ እያወቀ ገልብጦ «ቀኙን» ይላል። ማንንም ቢጠይቁ መልሱ በሁለቱም አፍ ያልፋል፤ ውሸቱም አንድ ጊዜ ብቻ ይገባበታል። ስለዚህ ከተባሉት ተቃራኒውን በር ይክፈቱ። የሚያስወጣው የቀኙ ሲሆንም ልጁ ራሱ ይሞክረው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ ብርጭቆ ሲሰበር ትልቁን «እህትህ ማን ሰበረው ትላለች?» ብዬው ነበር። «እሱ ነው ትላለች» አለኝ። ገልብጬ ትንሿን ተቆጣሁ፤ ለካ የሰበረው እሱ ነበር!

ጡረተኛው መምህር፦
ወንድሜ፣ ልጆችዎ አንዴ እውነት፣ አንዴ ውሸት ይናገራሉ፤ ያን ዕለትም ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። መገልበጥ የሚሠራው አንዱ ሁሌ እውነተኛ፣ ሌላው ሁሌ ውሸታም ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱም ውሸታሞች ቢሆኑ ውሸቱ ሁለቴ ይገባና ትክክለኛው በር ይነገርዎታል፤ ያኔ ከገለበጡ ገደል ገቡ።

ሕይወት፦
ለዚህማ ስለ ጓደኛው ትቶ ስለ ራሱ መጠየቅ ይሻላል፦ «የግራው በር ያስወጣል ወይ ብልህ፣ አዎ ትለኛለህ?» በሩ የሚያስወጣ ከሆነ ውሸታሙ በቀጥታ ሲጠየቅ «አይደለም» ይል ነበር፤ ይህንንም ስለሚዋሽ «አዎ» ይላል። እውነተኛውም «አዎ» ነው የሚለው። እዚህ መገልበጥ የለም።

ደረጀ፦
ውሸታሙ ቃል በቃል መዋሸቱን ትቶ እኛን ገደል ለመክተት ብቻ ቢያስብስ? የጥያቄሽን ዓላማ ካወቀ «አይደለም» ብሎ ይሸኝሻል።

ሕይወት፦
እንደዚያ ያለውን ዘበኛ በዚህ ጥያቄ አልይዘውም። በአንድ ጥያቄ የሚይዘው ካለ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
የመምህሩን ከልጄ ጋር ወረቀት ላይ አራት ጊዜ ሞከርነው፦ በሩን እየቀያየርን፣ ዘበኛውን እየቀያየርን። አራቱም ሠራ። ሦስተኛው ላይ መገልበጡን ረስቶ ገደል ገብቶ ነበር። አሁን የሕይወትን ጀምሯል።