λ ወጥቶ ቬክተሩ ዜሮ ሆነብኝ፣ የት ጋ ነው የተበላሸው?

ንጋት21፦ ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ፣ የምትችሉ ቶሎ ድረሱልኝ። ማትሪክሱ ይሄ ነው፦

```
A = | 4  1 |
    | 2  3 |
```

λ 4 እና 2.5 መጣልኝ። 4ን አስገብቼ አይገንቬክተሩን ስፈልግ ግን x = 0, y = 0 ብቻ ይወጣል። ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው።

ሰማያዊ ብዕር፦ λ ትክክል ነው፣ አትጨነቅ። የአይገንቫልዩዎቹ ብዜት ከዲተርሚናንቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዲተርሚናንቱ 12 − 2 = 10፣ ያንተም 4 × 2.5 = 10። ቬክተሩ ላይ የሆነ ቁጥር ስተህ ይሆናል።

ዘንባባ፦ ብዜቱ ብቻውን አይበቃም። ድምራቸውም በዋናው ሰያፍ ላይ ካሉት ቁጥሮች ድምር ጋር መግጠም አለበት። 4 + 3 = 7 ነው፣ ያንተ ግን 6.5። መጀመሪያ ማትሪክሱን በረድፍ አቅልለኸዋል አይደል? ከሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ግማሽ ስትቀንስ ሰያፉ ላይ 4 እና 2.5 ይቀራሉ።

ንጋት21፦ አዎ አቅልዬዋለሁ። በዚህ ዲተርሚናንት አይቀየርም ተብለናል እኮ!

ዘንባባ፦ ዲተርሚናንቱ አልተቀየረም፣ አይገንቫልዩዎቹ ግን ተቀየሩ። (1, 1)ን በ A አባዛው፣ (5, 5) ይሆናል። እዛው መስመር ላይ እንዳለ አምስት እጥፍ ረዘመ፣ አይገንቬክተር ማለት ይሄ ነው። (1, 0) ግን (4, 2) ሆኖ ይዞራል። አሁን (1, 1)ን ባቀለልከው ማትሪክስ አባዛው፦ (5, 2.5)። ከመስመሩ ወጣ። ረድፍ ስትነካ የሚወጣው ቬክተር ይለወጣል፣ የገባው ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ሳትነካው መጀመሪያ λ ቀንስ፦

```
(4 − λ)(3 − λ) − 2 = 0
λ² − 7λ + 10 = 0
λ = 5,  λ = 2
```

ዲተርሚናንቱን ዜሮ የምናደርገው A − λI ዜሮ ያልሆነ ቬክተርን ዜሮ እንዲያደርግ ነው። አንተ 4ን ስታስገባ ዲተርሚናንቱ −2 ነው፣ ለዚህ ነው ዜሮ ቬክተር ብቻ ያገኘኸው። ይሄ ሲገጥምህ ቬክተሩን ትተህ λን ፈትሽ። በ5 ሁለቱም ረድፎች y = x ይላሉ፣ (1, 1)። በ2 ደግሞ y = −2x፣ (1, −2)።

ሰማያዊ ብዕር፦ እንግዲህ ረድፍ ማቅለል ጭራሽ አይቻልም ማለት ነው።

ዘንባባ፦ ይቻላል እንጂ። λን በቁጥር ተክተህ ቬክተሩን ስትፈልግ እንደልብህ አቅልል፣ የእኩልታዎቹ መፍትሔ አይለወጥም።

ጠመኔ፦ እኔ (1, −2) በሚባልበት ቦታ (−3, 6) ጽፌ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ልክ አይደለም እንዴ?

ዘንባባ፦ ልክ ነው፣ ያው መስመር ነው። ይዘህ ሄደህ አስታርም።

ጉም፦ የእኔ ማትሪክስ ላይኛው ረድፍ 0, −1፣ ታችኛው 1, 0 ነው። λ² + 1 = 0 መጣ። λ የለውም ልበል?

ሰማያዊ ብዕር፦ ማትሪክሱ ሁሉንም ቬክተር 90° ስለሚያዞር በመስመሩ የሚቀር የለም። በሪል ቁጥር የለውም፣ በኮምፕሌክስ ግን i እና −i አሉ። ጥያቄው የቱን ነው የሚለው?

ጉም፦ ዝም ብሎ "ፈልግ" ነው የሚለው።