ሁለት የንግግር ቁራጮች ሲገናኙ የክፍሉ ድምፅ ይዋዥቃል፤ ክሮስፌዱን እንዴት ላስተካክል?

የአንድ ሰው ንግግር እያስተካከልኩ ነው፤ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በሞኖ የተቀዳ ነው። ከንግግሩ ስር የማራገቢያ ሽውታና «እምም» የሚል የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ድምፅ አለ። ከመሃል አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጬ አውጥቼ ቀሪዎቹን ሁለት ቁራጮች አጋጠምኩ። መገናኛው ላይ ንግግር የለም፤ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዝምታ ነው።

መጀመሪያ የ10 ሚሊሰከንድ ክሮስፌድ አደረግሁ። ቀጭ የሚለው ድምፅ ጠፋ፤ የሽውታው ለውጥ ግን እንደ በር መከፈት ይሰማል። ወደ 300 ሚሊሰከንድ አስረዝሜ ቀጥተኛውን መስመር (ሊኒየር) ስመርጥ ሽውታው መሃል ላይ በ3 ዴሲቤል ገደማ ወረደ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሁለቱ ቁራጮች ሽውታ አይመሳሰልም፣ ስለዚህ ሁለት ግማሾች ተደምረው ሙሉ አይሆኑም። እኩል ኃይል የሚጠብቀውን ኩርባ (ኢኳል ፓወር) ስጠቀም ሽውታው ተስተካከለ።

የቀረው «እምምታው» ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሳዳምጠው በክሮስፌዱ መሃል ሊጠፋ ደርሶ ይመለሳል። ሞገዱን አጉልቼ ሳየው አንዱ ቁራጭ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ እየተጠፋፉ ነው ማለት ነው። የ50 ኸርዝ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ሁለተኛውን ቁራጭ 10 ሚሊሰከንድ ባንሸራትተው ይገጥማሉ። ነገር ግን ሲገጥሙ ኢኳል ፓወር «እምምታውን» መሃል ላይ በ3 ዴሲቤል ያሳብጠዋል፣ ሊኒየር ደግሞ ሽውታውን ይጎዳል።

ሽውታውም «እምምታውም» ሳይዋዥቁ እንዲያልፉ በሁለቱ መካከል ያለ ኩርባ ልምረጥ ወይስ ከክሮስፌዱ በፊት 50 ኸርዙን ከሁለቱም ቁራጮች በፊልተር ላውጣ?